ከማን ጋር ሲነጻጸር? ስለ ደሚ ቫሪያብልና ስለ ማነጻጸሪያ ቡድን

(ኮምቦልቻ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠሩ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ረቂቅ ይዛ መጣች። ሥራዋ እዚህ ኮምቦልቻ ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። ከቤታቸው ሥራ ቦታ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል? በምንስ ይመጣሉ? በእግር ነው፣ በባጃጅ ነው፣ ወይስ በሰርቪስ? መጠይቁን በትና፣ ሰብስባ፣ ሪግረሽን ሠርታ ጨርሳለች። መደምደሚያው ላይ እንዲህ ይላል፦ «የመጓጓዣ ዓይነት በጉዞ ጊዜ ላይ ጉልህ ተጽእኖ የለውም።»

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። በየጠዋቱ ሐረጎን ወርጄ ነው እዚህ የምደርሰው። እዚሁ ኮምቦልቻ አድሮ በባጃጅ ብቅ የሚል ሰውና ከደሴ በሰርቪስ የሚመጣ ሰው እኩል ደቂቃ እንደማይፈጅባቸው በእግሬም በሰዓቴም አውቀዋለሁ። ይህን ለማወቅ ስታትስቲክስ አያስፈልግም። ታዲያ ሠንጠረዡ ለምን እንዲያ አለ?

ዳታውን አብረን አየነው። ንጹሕ ነው። ስሌቱም ልክ ነው። የሳተው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሶፍትዌሩ እግረኛውንም፣ የባጃጁንም፣ የሰርቪሱንም ሰው ሲያነጻጽር የነበረው «ሌላ» የሚለውን ካከበቡ ጥቂት ሰዎች ጋር ነው። ያንን ማንም አልመረጠም። እሷም አላየችውም።

ዛሬ የማወራው ስለዚህች አንድ ምርጫ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቁጥሮች ግን የተማሪዋ አይደሉም። በእጅ ለማስላት እንዲመቹ ለዚህ ንግግር ራሴ ያበጀኋቸው ናቸው። የነገሩ መልክ ያው ነው።

እንበልና 120 ሠራተኞች ጠየቅን። 40ዎቹ በእግር ይመጣሉ፤ በአማካይ 25 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። 36ቱ በባጃጅ ይመጣሉ፤ አማካያቸው 18 ደቂቃ ነው። 40ዎቹ በሰርቪስ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ ከደሴ ስለሆኑ አማካያቸው 38 ደቂቃ ነው። የቀሩት 4 ሰዎች «ሌላ» አሉ፤ አማካያቸው 28 ደቂቃ ነው። በየቡድኑ ውስጥ ያለው መበታተን፣ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ 12 ደቂቃ ነው እንበል።

መጠይቁ ላይ እነዚህ መልሶች ቁጥር አላቸው። 1 እግር፣ 2 ባጃጅ፣ 3 ሰርቪስ፣ 4 ሌላ። ቁጥሩ ለማስገባት እንዲቀል የተሰጠ ስም ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አይደለም። ሪግረሽን ግን ይህን አያውቅም። ዓምዱን እንዳለ ብትሰጡት 4 ከ2 እጥፍ ነው ብሎ ያምናል። ከእግር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ሰርቪስ፣ ከሰርቪስ ወደ «ሌላ» ያለው ርምጃ እኩል ነው ብሎም ያምናል። በእነዚህ ቁጥሮች ሠርቼ አየሁት። አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣችኋል፤ ኮዱ በ1 በጨመረ ቁጥር ጊዜው በ5.5 ደቂቃ ይጨምራል ይላል። በዚህ መስመር የባጃጅ ተጓዥ 27 ደቂቃ ሊፈጅበት ነው። እውነተኛው አማካይ 18 ነው። «ሌላ»ን ደግሞ 38 ደቂቃ አካባቢ ያደርሰዋል፤ እውነቱ 28 ነው። የከፋው ነገር፣ ይህ መስመር ፒ ቫልዩው በጣም ትንሽ ሆኖ፣ ኮከቡን ደርድሮ ይወጣል። ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሠንጠረዣችሁ ላይ አራት ምድብ ያለው ነገር አንድ ኮኢፊሸንት ብቻ ይዞ ካያችሁት እዚያው ቁሙ።

ደሚ ቫሪያብል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ዓምድ ወደ ብዙ የአዎ ወይም የአይደለም ዓምዶች እንበትነዋለን። «በባጃጅ ነው የሚመጣው?» አዎ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0። «በሰርቪስ ነው?» 1 ወይም 0። «ሌላ ነው?» 1 ወይም 0። እንዲህ ይመስላል፦

```
          ባጃጅ   ሰርቪስ   ሌላ
እግረኛ       0      0      0
ባጃጅ        1      0      0
ሰርቪስ       0      1      0
ሌላ         0      0      1
```

አራት ቡድን አለ፤ ዓምዱ ግን ሦስት ነው። የእግረኛው ዓምድ የት ሄደ? አያስፈልግም። በባጃጅ ካልመጣ፣ በሰርቪስ ካልመጣ፣ «ሌላ»ም ካልሆነ፣ በእግሩ ነው የመጣው። ሦስቱ ዜሮዎች አንድ ላይ ሆነው ስሙን ይጠሩታል።

አራተኛውን ዓምድ ብንጨምርስ? ብዙ ሰው «ምን ይጎዳል?» ይላል። የሚጎዳው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከአራቱ በአንዱ ብቻ ስለሚመጣ አራቱን ዓምዶች ስትደምሩ ሁልጊዜ 1 ይመጣል። ሪግረሽኑ ውስጥ ደግሞ ለሁሉም ሰው 1 የሆነ ዓምድ አስቀድሞ አለ፤ ኢንተርሴፕቱ። አንድን መረጃ ሁለት ጊዜ አስገባን ማለት ነው። ያኔ መልሱ አንድ መሆኑ ይቀራል፤ ኢንተርሴፕቱን በ10 ከፍ አድርጎ አራቱንም በ10 ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ትንበያው አይለወጥም። አንዳንዱ ሶፍትዌር አንዱን ዓምድ ራሱ አውጥቶ ይጥለዋል። አር ደግሞ በአንዱ ኮኢፊሸንት ቦታ `NA` ጽፎ ያልፋል። ያቺን `NA` ካያችሁ ዳታው ጎድሎ ነው ብላችሁ አትድከሙ። አንድ ዓምድ አብዝታችኋል።

እንግዲህ አንዱ ቡድን ዓምድ አልባ ይቀራል። ያ ቡድን ማነጻጸሪያ ቡድን ይባላል፤ ብዙዎቻችን ሪፈረንስ እንለዋለን። እግረኛው ሪፈረንስ ሲሆን ውጤቱ ይህ ነው። ኢንተርሴፕት 25። ባጃጅ -7። ሰርቪስ 13። ሌላ 3። አነባበቡ ቀላል ነው። 25 የእግረኞቹ አማካይ ነው። -7 ማለት የባጃጅ ሰዎች ከእግረኞቹ በ7 ደቂቃ ይቀድማሉ ማለት ነው፤ 25 ሲቀነስ 7፣ 18። 13 ማለት የሰርቪስ ሰዎች ከእግረኞቹ በ13 ደቂቃ ይዘገያሉ ማለት ነው፤ 38።

ልብ በሉ፣ -7 የባጃጅ ቁጥር አይደለም። የባጃጅና የእግር ልዩነት ነው። ጽሑፋችሁ ላይ «ባጃጅ አሉታዊ ተጽእኖ አለው» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ብሎ ይጠይቃችኋል። መልሱ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም።

ሪፈረንሱ ሲቀየር ምን ይሆናል? ደሴን አስቡ። ኮምቦልቻ ቆማችሁ ስትለኩ ደሴ ከፍ ያለች ናት፤ ቁጥሯ ፖዘቲቭ ነው። ጦሳ ጫፍ ላይ ወጥታችሁ ስትለኩ ያቺው ደሴ ዝቅ ያለች ናት፤ ቁጥሯ ኔጌቲቭ ነው። ደሴ አልተነቃነቀችም። የተቀየረው እናንተ የቆማችሁበት ቦታ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ልዩነትም ከየትም ቆማችሁ ለኩት፣ ያው ነው። ሪግረሽኑም እንዲሁ ነው። ሪፈረንሱን ብትቀይሩ የእያንዳንዱ ሰው ትንበያ አይለወጥም። አር ስኩዌሩ አይለወጥም፤ በእኛ ምሳሌ 0.32 ነው። የጠቅላላው ኤፍ ቴስትም አይለወጥም፤ 18.3 ነው። የሚለወጠው የየመስመሩ ኮኢፊሸንት፣ ስታንዳርድ ኤረርና ኮከብ ነው።

«ታዲያ ምን ለውጥ አለው? የፈለግነውን እንምረጥ» ልትሉ ትችላላችሁ። የተማሪዬ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

«ሌላ»ን ሪፈረንስ እናድርገው። አሁን ኢንተርሴፕቱ 28 ነው። እግር -3 ይሆናል፣ ባጃጅ -10፣ ሰርቪስ 10። ልዩነቶቹ ትንሽ አይደሉም። ግን እያንዳንዱ ልዩነት ምን ያህል አስተማማኝ ነው? የሁለት ቡድኖች ልዩነት ስታንዳርድ ኤረር የሚሰላው እንዲህ ነው፦

```
SE = s × √(1/n1 + 1/n2)
```

s የቡድን ውስጥ መበታተኑ ነው፤ 12። n1 እና n2 የሁለቱ ቡድኖች ብዛት ናቸው። እግረኛው ሪፈረንስ ሲሆን ለባጃጅ 1/40 እና 1/36 ትደምራላችሁ፣ ስኩዌር ሩት ታወጣላችሁ፣ በ12 ታበዛላችሁ። 2.76 ይመጣል። -7ን ለ2.76 ስታካፍሉ -2.54። ጉልህ ነው። ሰርቪስም 13 ለ2.68፣ 4.85 ነው። በጣም ጉልህ ነው።

«ሌላ» ሪፈረንስ ሲሆን ግን ከሁለቱ n አንዱ ሁልጊዜ 4 ነው። 1/4 ማለት 0.25 ነው። ይህ ቁጥር ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ለባጃጅ ስታንዳርድ ኤረሩ 6.32 ይሆናል፤ -10 ለ6.32፣ -1.58። ለሰርቪስ 6.29፤ 10 ለ6.29፣ 1.59። ለእግር -3 ለ6.29፣ -0.48። ጉልህ ለመባል 1.98 አካባቢ መድረስ ነበረባቸው። አንዱም አልደረሰም። ሦስት መስመር፣ ዜሮ ኮከብ። ከዚያ «የመጓጓዣ ዓይነት ተጽእኖ የለውም» ተብሎ ይጻፋል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ኤፍ 18.3 ሆኖ፣ እንዴት አንድም መስመር ኮከብ አያገኝም?

ቅየሳ ያየ ሰው ይገባዋል። የምትለኩበት እንጨት ጭቃ ላይ ተተክሏል እንበል። የአራቱ ሰዎች አማካይ ያ እንጨት ነው። ሌላ አራት ሰው ብናገኝ ኖሮ አማካዩ 22 ወይም 34 ሊሆን ይችል ነበር፤ ስታንዳርድ ኤረሩ ብቻውን 6 ደቂቃ ነው። የአርባዎቹ እግረኞች አማካይ ግን ከ2 ደቂቃ ያነሰ ነው የሚወዛወዘው። እንጨቱ ሲወዛወዝ ከሱ የተለካው ሁሉ አብሮ ይወዛወዛል። ስለዚህ ባጃጅ -10 መሆኑን እርግጠኛ አይደለንም፤ ሰርቪስም 10 መሆኑን እርግጠኛ አይደለንም። ግን ሁለቱ የሚወዛወዙት አንድ ላይ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። በመካከላቸው ያለው 20 ደቂቃ ንቅንቅ አይልም። ኤፍ ቴስቱ ያንን ያያል። የየመስመሩ ቲ ቴስት ግን አያየውም፤ እሱ የሚጠየቀው ስለ እንጨቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህን ችግር የምታውቁበት ምልክት አለ። ኤፍ ትልቅ ሆኖ የምድቡ መስመሮች በሙሉ ባዶ ከሆኑ፣ ስታንዳርድ ኤረሮቹም ሁሉም ትልቅና ተቀራራቢ ከሆኑ፣ ሪፈረንሱ ትንሽ ቡድን ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በእኛ ምሳሌ 6.29፣ 6.32፣ 6.29 ነበሩ። ሂዱና የየቡድኑን ብዛት ቁጠሩ።

አሁን «ሌላ» እዚያ ቦታ እንዴት እንደደረሰ ልንገራችሁ። ይህ በአማርኛ ዳታ ለምንሠራ ሰዎች የተለየ ነገር አለው። እኔም እስኪደርስብኝ ድረስ አላሰብኩትም ነበር።

አር ምድቦችን ሲያገኝ በፊደል ተራ ይደረድርና የመጀመሪያውን ሪፈረንስ ያደርገዋል። በእንግሊዝኛ ሲሆን «ሌላ» የሚለው ቃል የሚጀምርበት ፊደል መሃል አልፎ ነው የሚገኘው፤ አንደኛ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። በእኛ ፊደልስ? ሀ፣ ለ። ሁለተኛው ፊደል ነው! በሀ ቤት ወይም ከሌ በፊት ባሉት በለ፣ በሉ፣ በሊ፣ በላ የሚጀምር ምድብ ከሌላችሁ በቀር «ሌላ» ሁልጊዜ ከፊት ነው። የእኛን ምድቦች ደርድሯቸው፦ ሌላ፣ ሰርቪስ፣ ባጃጅ፣ እግር። ኮምፒውተር ውስጥም የፊደላችን የኮድ ቁጥር በዚሁ ተራ ነው የሚሄደው። ፓይተን ውስጥ `drop_first=True` ብላችሁ ደሚ ብታወጡም ያው ነው፤ መጀመሪያ የሚወድቀው «ሌላ» ነው፤ የወደቀው ደግሞ ሪፈረንስ ይሆናል። መጠይቁን በአማርኛ አስገብቶ መሥራት የሚወደስ ነገር ነው። ይህን ግን አስታውሱ።

በኤስፒኤስኤስ ደግሞ በጓሮ በር ይመጣል። ሎጂስቲክ ሪግረሽን ላይ ምድቡን በ`Categorical` ስታስገቡ፣ ካልቀየራችሁት በቀር ሪፈረንሱ የመጨረሻው ኮድ ነው። መጠይቃችን ላይ መጨረሻ የሚጻፈው ምንድን ነው? «ሌላ (ይገለጽ)»። 4 ቢሆን፣ 99 ቢሆን፣ መጨረሻ ነው። ስታታ ዝቅተኛውን ኮድ ስለሚወስድ በዚህ ምሳሌ እግርን ሪፈረንስ ያደርጋል። እሱም ቢሆን የመጠይቁ ተራ ሆኖለት እንጂ አስቦበት አይደለም።

ስለዚህ ለማሽኑ አትተዉት። ራሳችሁ ጻፉት፦

```r
d$menged <- factor(d$menged,
  levels = c("እግር", "ባጃጅ", "ሰርቪስ", "ሌላ"))
table(d$menged)
summary(lm(dekika ~ menged, data = d))
```

መጀመሪያ የጻፋችሁት ሪፈረንስ ነው። `table` የሚለውን መስመር አትዝለሉት። የየቡድኑን ብዛት ሳያዩ ሪፈረንስ መምረጥ መሬቱን ሳይረግጡ እንጨት እንደመትከል ነው።

ታዲያ ማንን እንምረጥ? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄው ምን እንደሆነ ነው። ተማሪዋ ለምን ነበር ይህን የምታጠናው? ሰርቪስ የሌለው ሰው፣ ለባጃጅ የሚከፍለው የሌለው ሰው፣ በእግሩ ይመጣል። እግር ሌላ አማራጭ ሲጠፋ የሚቀረው መንገድ ነው። «ባጃጅ ከእግር ስንት ደቂቃ ያተርፋል?» የሚለው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። «ባጃጅ ከሌላ ስንት ደቂቃ ያተርፋል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን በዚህ አገር አላጋጠመኝም። ቡድኑ ስሙ ሲጠራ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። «ሌላ» ውስጥ ጎረቤቱ መኪና የሚያሳፍረውም፣ ሞተር የሚነዳም፣ ከፊሉን በእግር ከፊሉን በሚኒባስ የሚመጣም ሊኖር ይችላል። የእነዚህ ሰዎች አማካይ የማንም አማካይ አይደለም። 4 ሳይሆን 50 ቢሆኑ ኖሮ ስታንዳርድ ኤረሩ ይስተካከል ነበር፤ ትርጉሙ ግን አይስተካከልም።

ከዚያ ብዛቱን አያለሁ። ትልቁ ቡድን መሆን የለበትም። በቂ ይሁን፤ የሌላውን ሁሉ ስታንዳርድ ኤረር የማያናጋ ይሁን። የመድኃኒት ወይም የማዳበሪያ ጥናት ከሆነ ያልተሰጠው ቡድን፣ ወይም እስካሁን ሲሠራበት የቆየው አሠራር ሪፈረንስ ይሆናል። የትምህርት ደረጃ ከሆነ ከአንዱ ጫፍ ብትነሱ ለአንባቢ ይቀላል፤ ግን ያ ጫፍ ላይ አምስት ሰው ብቻ ካለ ተዉት፣ ከጎኑ ካለው ተነሱ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ሪፈረንሱን ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት ምረጡ። አራቱን በየተራ ሞክሮ ኮከብ የበዛበትን መውሰድ አለ፤ አይቻለሁ። አራት ቡድን ስድስት ጥንድ አለው። የሚመቸንን ጥንድ ፈልገን ካገኘን በኋላ ከመጀመሪያውም ያሰብነው እሱን ነበር ማለት አንባቢን ማታለል ነው።

ባጃጅን ከሰርቪስ ጋር ማነጻጸር ብንፈልግስ? እግር ሪፈረንስ በሆነበት ሠንጠረዥ ላይ ይህ መስመር የለም። ልዩነቱን ማውጣት ይቻላል፦ 13 ሲቀነስ -7፣ 20 ደቂቃ። ስታንዳርድ ኤረሩን ግን ከሁለቱ መስመሮች ደምራችሁ አታገኙትም፤ ሁለቱ አንድ እንጨት ስለሚጋሩ አብረው ይወዛወዛሉ። «ሁለቱም ኮከብ ስላላቸው ይለያያሉ» ማለትም አይቻልም፤ ሁለቱም ከእግር ተለይተው እርስ በርሳቸው እኩል ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ቀላሉ መንገድ ሪፈረንሱን ቀይሮ እንደገና ማስኬድ ነው፦

```r
d$menged <- relevel(d$menged, ref = "ባጃጅ")
```

አሁን ሰርቪስ 20 ይሆናል፤ ስታንዳርድ ኤረሩ 2.76፤ ቲ 7.25። ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው በዕቅዳችሁ ውስጥ ካለ ችግር የለውም። ስድስቱንም ጥንድ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ለብዙ ንጽጽር የሚስተካከል ዘዴ፣ ለምሳሌ ቱኪ የሚባለውን፣ ተጠቀሙ።

ስለ ሰርቪስ 13 አንድ ነገር ልበል። ሰርቪስ ቀርፋፋ ነው ማለት አይደለም። የሰርቪስ ሰዎች ሐረጎን ወርደው የሚመጡ ናቸው፤ እግረኞቹ አጥር ጥግ ናቸው። ርቀትን ሪግረሽኑ ውስጥ ስታስገቡ ይህ 13 ሊቀንስ፣ ወደ ኔጌቲቭም ሊዞር ይችላል። ግን ከደሴ በእግሩ የሚመጣ ሰው የለም፤ ስለዚህ በዚያ ርቀት ላይ እግርና ሰርቪስን የሚያነጻጽር ዳታ የለንም። ሶፍትዌሩ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩ የቆመው ግን መስመሩ ቀጥ ብሎ ይቀጥላል በሚል ግምት ላይ ብቻ ነው።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጠየቀች፦ «መምህር፣ እኔ ደሚዎቹን በኤክሴል በእጄ ነው የሠራኋቸው። ባጃጅ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 እያልኩ። ችግር አለው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መጠይቁ ላይ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ያለፈ ሰው ነበረ? «አዎ፣ ዘጠኝ ሰው» አለች። እነዚያ ዘጠኝ ሰዎች ባጃጅ ዓምድ ላይ ምን አገኙ? ባጃጅ አይደሉም፤ 0። ሰርቪስም አይደሉም፤ 0። ሌላም፤ 0። ሦስት ዜሮ ማን ነበር? እግረኛ። ዘጠኙ ሳያውቁት እግረኛ ሆነዋል። አብሽሪ፣ ቶሎ ይስተካከላል፤ ያልመለሰ ሰው ሦስቱም ዓምድ ላይ ባዶ ይሁን እንጂ 0 አይሁን። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዓምዶቹ ላይ 0 ወይም 1 ከተጻፈላቸው ሰዎች ጠቅላላ ቁጥር ላይ የሦስቱን ዓምዶች ድምር ቀንሺ፤ የሚቀረው መጠይቁ ላይ 1ን ካከበቡት ሰዎች ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ሪፈረንሱ ውስጥ እንግዳ ገብቷል። ፓይተን የምትጠቀሙም ተጠንቀቁ፤ `get_dummies` ባዶውን ሰው ካልነገራችሁት በቀር በሁሉም ዓምድ ዜሮ አድርጎ ነው የሚያሳልፈው።

ከኋላ የተቀመጠ ወንድማችን ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ሌላ የሚለው ጉልህ ስላልሆነ ከሞዴሉ አወጣሁት። አማካሪዬም ደስ አለው።»

አማካሪህን ማስቀየም አልፈልግም። ግን ዓምዱን ስታወጣው ሰዎቹ አልወጡም። አራቱ ሰዎች ዳታው ውስጥ አሉ፤ ዓምዳቸው ስለሌለ ሦስቱም ቦታ ዜሮ ሆኑ። እግረኛ ሆኑ ማለት ነው። ኢንተርሴፕትህም ከ25 ወደ 25.27 ሄዷል፤ ሠንጠረዥህ ላይ አሁንም «ከእግረኛ ጋር ሲነጻጸር» ይላል እንጂ የምታነጻጽረው ከእግረኛና ከሌላ ቅልቅል ጋር ነው። ምድብ አንድ ጥያቄ ነው፤ ዓምዶቹ አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ይግባ አይግባ የሚለውን በኤፍ ቴስት በአንድ ላይ ፈትን። አራቱን ሰዎች ምን እናድርጋቸው ካልክ ደግሞ «ይገለጽ» ላይ የጻፉትን ሂድና አንብብ። አንዱ «የጓደኛዬ ባጃጅ» ብሎ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ባጃጅ ነው። ትርጉም ያለው ቦታ ካገኘህላቸው ውጤት ሳታይ አስገባቸው። ካላገኘህ «ሌላ» ብለህ ተዋቸው፤ አራት ሰው መሆናቸውንም ጻፍ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ ባልደረባችን መጣ፦ «ሠንጠረዡ ላይ ሪፈረንሱ እንዴት ይጻፍ? ሶፍትዌሩ እኮ አያወጣውም።»

ልክ ነው፤ ሶፍትዌሩ አያወጣውም፤ ስለዚህ አንባቢው ሦስት ቡድን ብቻ ያለ ይመስለዋል። አንድ መስመር በእጃችሁ ጨምሩ፣ ከሦስቱ በላይ። «እግር (ማነጻጸሪያ)፣ 40 ሰው» ብላችሁ ጻፉና የኮኢፊሸንቱን ቦታ በሰረዝ ተዉት። ከሌሎቹም ስም ጎን የሰዉን ብዛት አስቀምጡ፦ 36፣ 40፣ 4። ያኔ የ«ሌላ» ስታንዳርድ ኤረር ለምን 6.29 እንደሆነ ማንም ሳይነግረው አንባቢው ራሱ ያየዋል።